ከፒጂን ወደ ክሪዮል፦ ከቆቦ ጋራዥ እስከ አማርኛ አመጣጥ ክርክር

መግቢያ

ከአሥመራ ተነሥቶ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልድያ በኩል ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በሰፊው የተሠራ ነው። በዚህ መንገድ ዳር በሚገኙት የቆቦና የአላማጣ ጋራዦች ዛሬም የጣሊያንኛ ቃላት ይሰማሉ። ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታና ላቫጆ የማያውቅ ሾፌር የለም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባለው የራያ ቆላ ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ለብዙ ትውልድ ጎን ለጎን ሲነገሩ ኖረዋል፤ ከዞብል ተራሮች በስተምሥራቅም አፋርኛ አለ። አካባቢው የቋንቋ ንክኪ ለሚያጠና ተመራማሪ ብዙ ነገር የሚገኝበት ነው።

ነገር ግን የቋንቋ ንክኪ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አያስከትልም። ንክኪ አንዳንዴ ቃላትን ብቻ ያዋውሳል፤ አንዳንዴ የዓረፍተ ነገርን አወቃቀር ያመሳስላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የማንም አፍ መፍቻ ያልሆነ አዲስ የመግባቢያ ልሳን፣ ማለትም ፒጂን፣ ያስገኛል። ከፒጂኖች ጥቂቶቹ ልጆች በአፍ መፍቻነት ሲረከቧቸው ወደ ክሪዮልነት ያድጋሉ። እነዚህን ውጤቶች ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ አማርኛ ራሱ በመነሻው ክሪዮል ነበር የሚል መላምት ከቀረበ ዐሥርተ ዓመታት አልፈዋልና። መላምቱ እውነት ከሆነ የአማርኛ ሰዋስው ከምንም ተነሥቶ ስለሚገነባ ሰዋስው ማስረጃ ይሆናል፤ የቋንቋው ታሪክም በግዕዝ ዘመዶቹ በኩል ሳይሆን በተቋረጠ ርክክብ በኩል መጻፍ ይኖርበታል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የታሪክ ትረካ ይፈርሳል። ይህ ጽሑፍ ፒጂን እንዴት ክሪዮል እንደሚሆን ካሳየ በኋላ፣ መላምቱን ከአንድ እውነተኛ ሴማዊ ክሪዮል ጋር በማነጻጸር ይፈትናል።

ውሰት ፒጂን አይደለም

በቅድሚያ ከጋራዡ አንድ ዓረፍተ ነገር ማየት ይጠቅማል። «ጎሚስታው ካቻቢቴውን አላመጣልኝም» በሚለው ንግግር ውስጥ ሁለት የጣሊያንኛ ስሞች አሉ። የተቀረው ሁሉ አማርኛ ነው። ሁለቱም ስሞች የአማርኛን እሙር መስተአምር «-ው»ን ወስደዋል፤ «ካቻቢቴው» ተሳቢ በመሆኑ «-ን» ተጨምሮለታል። ግሱ ደግሞ በአሉታ «አል-... -ም» ታጅቦ፣ በአድራጊነት «አ-» ተመሥርቶ፣ ለማን እንዳልመጣ የሚያመለክተውን «-ልኝ» ይዟል። ተናጋሪው አንድም የጣሊያንኛ ሰዋስዋዊ ሕግ ማወቅ አላስፈለገውም፤ ከአማርኛም አንድም ሕግ አልጣለም።

ይህ ውሰት ነው። የውሰት ቃላት ብዛት ምንም ያህል ቢሆን አንድን ቋንቋ ፒጂን አያደርገውም፤ መለያው የሚገኘው በቃላቱ ምንጭ ሳይሆን በሰዋስዋዊ ምዕላዶቹ ሁኔታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ሳይሆን «ግሱ ስንት መልክ ቀረው?» የሚለው ነው። በራያ ቆላ የሚነገረውን ንግግር የሚቀዳ ተማሪ የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ ቃላትን ቆጥሮ ድብልቅ ልሳን አገኘሁ ከማለቱ በፊት ይህን መጠየቅ ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የተወለደ ፒጂን፦ የተቃለለው ጣሊያንኛ

በተመሳሳይ ዘመንና በተመሳሳይ መንገድ ላይ ሌላ ነገርም ተፈጥሮ ነበር። በጣሊያናውያንና በአገሬው ሠራተኞች፣ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና የቤት አገልጋዮች መካከል የተቃለለ ጣሊያንኛ ይነገር ነበር። በኤርትራ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቆየው ቅኝ አገዛዝ ሥር ሰደደ፤ በወረራው ዘመን ደግሞ በኢትዮጵያ ከተሞች ታየ። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይህን ልሳን በዝርዝር ገልጾታል፤ ከወረራው በኋላም ኢትዮጵያውያን ከውጭ ሰዎች ጋር ለመነጋገር ሲጠቀሙበት መቆየቱ በጊዜው በተደረጉ ጥናቶች ተመዝግቧል።

የዚህ ልሳን ግስ አሠራር ለጀማሪ ተመራማሪ ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። የጣሊያንኛ ግስ በመደቡ ስድስት ሰዎችን በየጊዜው ለይቶ የሚረባ ሲሆን፣ በተቃለለው ልሳን ግን ሁለት መልክ ብቻ ቀረ። አንደኛው ከንኡስ አንቀጹ የተወሰደ ነው፤ ያላለቀ፣ የሚደጋገም ወይም ወደፊት የሚሆን ድርጊት ይገለጽበታል። ሁለተኛው ከቦዝ አንቀጹ የተወሰደ ሲሆን ያለቀ ድርጊትን ያመለክታል። በዚህ አሠራር «ኢዮ ማንጃሬ» ማለት «እበላለሁ»፣ «ኢዮ ማንጃቶ» ማለት ደግሞ «በላሁ» ይሆናል። ባለቤቱ «እርሱ» ወይም «እነርሱ» ቢሆን ግሱ አይለወጥም፤ ማን እንዳደረገው የሚነግረው ተውላጠ ስሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይስተዋላል። አንደኛ፣ በባለቤትና በግስ መካከል ያለው ስምምነት ለመግባባት አስፈላጊ ስላልሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ያለቀና ያላለቀ ድርጊትን የመለየት ፍላጎት አይወድቅም። ቋንቋው እስከ አጥንቱ ሲራቆት እንኳ ተናጋሪዎቹ ከጣሊያንኛ ቀሪ መልኮች መካከል ሁለቱን መርጠው ይህን ልዩነት አቆይተዋል። አማርኛና ትግርኛም ያለቀና ያላለቀ ድርጊትን በጥብቅ የሚለዩ በመሆናቸው ምርጫው ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተጽዕኖ ሊሆን እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም።

የተቃለለው ጣሊያንኛ ወደ ክሪዮልነት አልተሸጋገረም። ምክንያቱ የልሳኑ ድክመት ሳይሆን የተናጋሪዎቹ ኑሮ ነው። የአገሬው ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመግባባት ጣሊያንኛ አላስፈለጋቸውም፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ ነበራቸው። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከልጆቹ ጋር የሚነጋገረው በራሱ ቋንቋ ነበር። ስለዚህ «ኢዮ ማንጃሬ» የሚለውን ልሳን ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ አልነበረም። ፒጂን ክሪዮል የሚሆነው ተናጋሪዎቹ ከየቋንቋ ማኅበረሰባቸው ተነቅለው፣ በአንድ ስፍራ ተሰባስበው፣ እርስ በርስ ለመግባባት ፒጂኑን ብቻ ሲያገኙ ነው። በአትላንቲክና በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የነበሩት የባርነት እርሻዎች ይህን ሁኔታ በጭካኔ ፈጥረዋል፤ በራያ ቆላ ግን እንዲህ ያለ ሁኔታ አልነበረም።

ሽግግሩ እንዴት ይከናወናል?

የሽግግሩ ሂደት ከሁሉ በተሻለ የታየው በፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚነገረው ቶክ ፒሲን ነው። ልሳኑ ከእንግሊዝኛ ቃላት የተመሠረተና ለረጅም ጊዜ በፒጂንነት ያገለገለ ሲሆን፣ በኋላ በከተሞች በተወለዱ ልጆች ዘንድ አፍ መፍቻ ሆኗል። ጊሊያን ሳንኮፍና ሱዛን ላበርዥ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የወደፊት ጊዜ አመልካቹን ተከታትለዋል። ቃሉ በመነሻው «ባይምባይ» የሚል፣ ትርጉሙ «ቆየት ብሎ» የሆነ ተውሳከ ግስ ነበር፤ ቦታውም የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ነበር። «ባይምባይ ሚ ጎ» ማለት «ቆየት ብሎ እኔ ሄድ» እንደማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ አጥሮ «ባይ» ሆነ፤ ቀጥሎ ከዓረፍተ ነገሩ ራስ ወርዶ ከግሱ ፊት ተቀመጠ፤ «ሚ ባይ ጎ» ተባለ። «ነገ» የሚል ቃል በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያለም «ባይ» መነገሩ ቀጠለ። ይኸውም ቃሉ መረጃ የሚጨምር አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ወደ መሆን መጓዙን ያሳያል።

በዚህ ጥናት ልዩ ትኩረት የሚሻው የልጆች ድርሻ ነው። ቃሉን ያሳጠሩትና ወደ ግሱ ያስጠጉት በመጀመሪያ ልጆቹ አልነበሩም፤ ለውጡ በአዋቂዎች ንግግር ውስጥ ጀምሮ ነበር። ልጆቹ ያደረጉት ቃሉን ከአዋቂዎቹ ይልቅ በፍጥነትና ያለ አጽንዖት መናገር፣ ድምፁን ይበልጥ መዋጥ፣ ከግሱ ጋር እንደ አንድ ቃል ማጣበቅ ነው። ስለዚህ «ፒጂን የአዋቂዎች፣ ክሪዮል የልጆች ፈጠራ ነው» የሚለው ቀላል አነጋገር እርማት ያስፈልገዋል። ዴሪክ ቢከርተን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሃዋይን ልሳን መነሻ አድርጎ፣ ልጆች ከተራቆተ ልሳን ሙሉ ሰዋስው የሚገነቡት በተፈጥሮ በታደሉት ንድፍ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። በኋላ የሃዋይን የጽሑፍ ማስረጃ የመረመሩ አጥኚዎች የመጀመሪያው ተወላጅ ትውልድ የወላጆቹን ቋንቋዎችም ይናገር እንደነበርና፣ አንዳንዶቹ ሰዋስዋዊ ባሕርያት ከእነዚያ ቋንቋዎች ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳይተዋል። ክርክሩ ቢቀጥልም አንድ ነገር ከሁለቱም ወገን ጸንቶ ይቀራል፤ የተራቆተ ልሳን ሙሉ ቋንቋ ሲሆን ጊዜን፣ የድርጊትን አፈጻጸም፣ አሉታንና ተዛማጅ ሐረግን የሚያመለክት መሣሪያ ከቀሩት ቃላት ውስጥ ይሠራል። የግስ መደቦችን፣ የጾታ ስምምነትንና ኢመደበኛ አረባብን ግን መልሶ አይሠራም። ከክሪዮሎች ስለ ሰዋስው ግንብ የሚገኘው ትምህርት በአመዛኙ ይህ ነው፤ የግድ የሚያስፈልገውን ታሪክ ካከማቸው ነገር ይለያሉ።

ሴማዊ ቋንቋ ክሪዮል ሲሆን፦ ኪኑቢ

የአማርኛን መላምት ለመፈተን ግን የእንግሊዝኛ መሠረት ያለው ልሳን በቂ አይደለም። ሴማዊ ግስ በሥርወ ፊደላትና በአናባቢ ቅርጽ የሚገነባ በመሆኑ፣ ንጽጽሩ ከሌላ ሴማዊ ቋንቋ ጋር መደረግ አለበት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኡጋንዳና በኬንያ የሚነገረው ኪኑቢ የዐረብኛ መሠረት ያለው ክሪዮል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ሱዳን ከሰፈሩት የግብጽ ጦር ሰፈሮች ተነሣ፤ ወታደሮቹ ከልዩ ልዩ የአባይ ሸለቆና የደቡብ ሱዳን ብሔረሰቦች የተመለመሉ ነበሩ። የማሕዲ ንቅናቄ ከሰሜን ሲቆርጣቸው ከኤሚን ፓሻ ጋር ወደ አልበርት ሐይቅ አፈገፈጉ፤ በ1891 እ.ኤ.አ. ሉጋርድ ወደ ኡጋንዳ ወሰዳቸው፤ ከፊሎቹም በኋላ ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ ወታደሮች፣ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው ከየትውልድ ቀያቸው ተቆርጠው አብረው ኖሩ። ለክሪዮል መወለድ የሚያስፈልገው ሁኔታ በሙሉ እዚህ ተሟልቷል።

ውጤቱ በአንድ ግስ ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። በዐረብኛ «ሄደ» የሚለው ግስ በሰው፣ በጾታ፣ በቁጥርና በጊዜ ይረባል፤ ሥርወ ፊደላቱ ባሉበት አናባቢዎቹ ይለዋወጣሉ። በኪኑቢ ግን «ሩዋ» የሚል አንድ የማይለወጥ ቃል ቀረ። «አና ሩዋ» ማለት «ሄድኩ»፣ «አና ጊ-ሩዋ» ማለት «እየሄድኩ ነው»፣ «አና ቢ-ሩዋ» ማለት «እሄዳለሁ» ነው። ባለቤቱ «እነርሱ» ሲሆን «ኡሞን ጊ-ሩዋ» ይባላል፤ ግሱ ያው ነው። ከግሱ ፊት የሚቆመው «ጊ-» በዐረብኛ «የተቀመጠ» የሚል ትርጉም ካለው ቃል የመጣ እንደሆነ ይታመናል። የጉሮሮ ድምፆቹ ጠፍተዋል፤ የተነባቢ ጥብቀትም ትርጉም መለየቱን ትቷል። የሥርወ ፊደልና የአናባቢ ቅርጽ ሥርዓት እንደ ሕያው የቃል መመሥረቻ አልተረፈም።

እንግዲህ የወታደር ልሳን ሆኖ የተወለደ ሴማዊ ክሪዮል ምን እንደሚመስል በተጨባጭ ታውቋል። መጀመሪያ የሚወድቀው ነገር የሴማዊው ግስ ሞተር፣ ማለትም በሥርወ ፊደላት መካከል የሚመላለሰው የአናባቢና የጥብቀት ሥርዓት ነው።

የአማርኛ ፈተና

ላየነል ቤንደር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አማርኛ የተነሣው ከፒጂንና ከክሪዮል ሂደት ሊሆን ይችላል ሲል አቀረበ። በመላምቱ መሠረት ሴማዊ ቋንቋ የሚናገር ኃይል ወደ ደቡብ ሲስፋፋ ኩሻዊና ኦሟዊ ቋንቋ ከሚናገሩ ወታደሮችና ሕዝቦች ጋር ለመግባባት የተቃለለ ሴማዊ ልሳን ተፈጠረ፤ ልሳኑም ከጊዜ በኋላ አፍ መፍቻ ሆነ። ግርማ አውግቸው ደመቀ ደግሞ ስለ አማርኛ አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አመለካከት ተቃውሟል።

መላምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣል፤ የጉሮሮ ድምፆችን አጥቷል፤ ከግዕዝ የሰባራ ብዙ ቁጥር ሥርዓት ይልቅ «-ኦች»ን በስፋት ይጠቀማል፤ በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ግዕዝ የሚለየውን የወንድና የሴት ልዩነት ትቷል። እነዚህ ሁሉ መቃለልን ወይም የኩሻዊ ቋንቋዎችን ተጽዕኖ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ግስን በመጨረሻ ማስቀመጥ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ትግርኛም፣ አርጎብኛም፣ ሐረሪም፣ የጉራጌ ቋንቋዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ሁሉ የሚጋሩት ባሕርይ የአንዱ ብቻ የትውልድ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ፈተናው መካሄድ ያለበት በግሱ ላይ ነው። ለኪኑቢ የቀረበው ጥያቄ ለአማርኛ ሲቀርብ መልሱ ፍጹም ተቃራኒ ይሆናል። «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች» ባለቤቱን በሰውና በጾታ ይለያሉ። ትእዛዝ ለወንድ «ሂድ»፣ ለሴት «ሂጂ» ነው፤ የሴት አመልካቹ አናባቢ ተነባቢውን ከ«ድ» ወደ «ጅ» ለውጦታል። «ክፈት» እና «ክፈቺ»፣ «ግዛ» እና «ግዢ» በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። ይህ የድምፅ ለውጥ የሚመጣው ቅጥያው ለብዙ ዘመን ከግሱ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ነው። «መጣ» የሚለው ግስ ደግሞ ትእዛዙ «ና» ነው፤ በድምፅ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቃላት የአንድ ግስ አካል ሆነው ይረባሉ። እንዲህ ያለ ኢመደበኛነት በማንኛውም መራቆት ውስጥ ቀድሞ የሚወድቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ ግን በፊደል የማይጻፈው ጥብቀት ነው። «ሰበረ» ሲባል «በ» ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ሲባል ይላላል። «ፈለገ» ሲባል «ለ» ይጠብቃል፤ «ይፈልጋል» ሲባልም እንደጠበቀ ይቀራል። ተናጋሪው የትኛው ግስ በየትኛው መደብ እንደሚውል ከትርጉሙ ሊገምት አይችልም፤ ቃል በቃል ተምሮ መያዝ አለበት። ይህ መደብ ከጥንቱ የኢትዮ-ሴማዊ ሥርዓት የተወረሰ ነው። በኪኑቢ እንደታየው፣ በፒጂን ደረጃ ያለፈ ልሳን ይህን መሸከም አይችልም።

አንድ መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። አማርኛ መጀመሪያ ክሪዮል ሆኖ፣ በኋላ ከቤተ ክህነቱ ግዕዝ እነዚህን ቅርጾች መልሶ ወስዶ ቢሆንስ? ክሪዮሎች ከመሠረቱ ቋንቋ ጋር ንክኪያቸው ሲቀጥል ወደ እርሱ መጠጋታቸው የታወቀ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅርጾቹ ራሳቸው መልሱን ይሰጣሉ። በግዕዝ «ሰበረ» የሚለው ግስ ባለፈ ጊዜው ላልቶ ሲነበብ በ«ይሰብር» ላይ ይጠብቃል። በአማርኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ያለፈው ይጠብቃል፣ የሚመጣው ይላላል። በሁለተኛው መደብ ደግሞ ግዕዝ «ይፌጽም» በሚለው እንደሚታየው ኃምስ ድምፅን ሲያስገባ አማርኛ አያስገባም። አማርኛ ከግዕዝ ቢዋስ ኖሮ የግዕዝን ሥርዓት ይወርስ ነበር፤ በተገላቢጦሽ አያደራጀውም። መደቦቹ ከአፍ ወደ አፍ ሳይቋረጡ ደርሰው፣ በመንገድም ተለውጠዋል ማለት ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አማርኛ እንደ ክሪዮሎች ሁሉ ከነባር ቃላት አዲስ የጊዜ አመልካች ሠርቷል። «እሄዳለሁ» የሚለው «እሄድ» እና «አለሁ» ተጣምረው የተፈጠረ ነው፤ የመኖር ግስ ወደ ሰዋስዋዊ አመልካችነት ወርዷል። የኪኑቢው «ጊ-» እና የቶክ ፒሲኑ «ባይ» ያለፉበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ አሮጌው ቅጥያ ባለመጥፋቱ ላይ ነው። በ«እሄዳለሁ» ውስጥ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ይመለከታል፤ በፊት «እ-»፣ በኋላ «-ሁ»። «አይሄድም» ወይም «ቢሄድ» ሲባል ግን «አለ» አይታይም፤ አሮጌው መልክ በአሉታና በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ክሪዮል ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ይገነባል፤ አማርኛ ግን በአሮጌው ቤት ላይ ፎቅ ጨምሯል፤ የታችኛውም ቤት እስከዛሬ ሰው ይኖርበታል።

የፈተናው ወሰንና የራያ ቆላ ትምህርት

ከዚህ ፈተና የሚገኘው ድምዳሜ በልኩ መወሰን አለበት። ፈተናው የሚያስወግደው አማርኛ ሙሉ የመራቆት ደረጃ አልፏል የሚለውን ነው። ብዙ የአገውኛና የሌሎች ኩሻዊ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ወደ አማርኛ መዞራቸውን፣ ሲዞሩም የቃላት ቅደም ተከተልን፣ የድምፅ አጣጣልንና እንደ «ብድግ አለ» ያሉ ጥምር ግሶችን ይዘው መግባታቸውን አያስተባብልም። አዋቂዎች በብዛት ቋንቋ ሲለውጡ ከቃላት ይልቅ አገባብንና ድምፅን ይዘው ይመጣሉ። ልጆቻቸው ግን ቋንቋውን ከነባር ተናጋሪዎችም ስለሚሰሙ የግሱ ሥርዓት አይቋረጥም። ክሪዮልነት የሚጠይቀው ይህ የርክክብ ገመድ መበጠሱን ነው።

የራያ ቆላ ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ንክኪ ሕያው ምሳሌ ነው። በቆቦ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች መካከለኛ ልሳን መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ተምሯል። ጋብቻ፣ ጉርብትናና የከብት ግጦሽ ሰውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ያስተምራሉ። ሁለት ቋንቋ የሚችል ልጅ ሁለት ሙሉ ሰዋስው ይረከባል፤ የተራቆተ ልሳን የሚፈጠርበት ክፍተት የለም። በዚህ አካባቢ የሚጠበቀው የንክኪ ምልክት የቅጥያዎች መርገፍ ሳይሆን በቋንቋዎቹ መካከል የአገባብ፣ የአነጋገር ዘይቤና የቃላት መቀራረብ ነው።

ለመስክ ጥናት ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ጥያቄዎች ይወጣሉ። በተቀዳው ንግግር ውስጥ ግሱ ባለቤቱን ተከትሎ ይለወጣል ወይስ በአንድ መልክ ይቆማል? እንደ «ና» ያሉ ኢመደበኛ መልኮችና የጥብቀት መደቦች በትክክል ይነገራሉ ወይስ ተስተካክለው አንድ ወጥ ሆነዋል? ልጆቹ ልሳኑን ብቻ ይሰማሉ ወይስ ሙሉውን ቋንቋም ይሰማሉ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መራቆትን፣ ሦስተኛው ደግሞ የክሪዮል ዕድልን ይመረምራሉ። በሁለቱ ላይ መራቆትን የማያሳይ መልስ ከተገኘ የውጭ ቃል ብዛት ድምዳሜውን ሊያናጋው አይገባም። አንድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል፤ ለእንግዳ ሰው ሲናገሩ ንግግርን ማቃለል የተለመደ በመሆኑ፣ ቀጂው የአካባቢው ሰው ካልሆነ የሚሰማው የተቃለለ መልክ ለእርሱ ሲባል የተበጀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነዋሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን መቅዳት ይመረጣል።

ማጠቃለያ

በአንድ መንገድ ዳር ሦስት የንክኪ ውጤቶች ታይተዋል። የጋራዡ ጣሊያንኛ በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የገባ የቃል ውሰት ነው። የተቃለለው ጣሊያንኛ እውነተኛ ፒጂን ነበር፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ የሚያድግ ልጅ ስላልነበረ ክሪዮል ሳይሆን ቀርቷል፤ በወረራው ዘመን አዋቂ ሆነው የተናገሩት ሰዎችም በአመዛኙ አልፈዋልና ከእነርሱ ያልተቀዳው አሁን የሚገኝ አይደለም። የራያ ቆላ ነዋሪዎች የሚያካሂዱት የዕለት ተዕለት ንክኪ ደግሞ ቋንቋዎችን ያቀራርባል እንጂ አያራቁትም።

አማርኛን በተመለከተ፣ የግሱ መደቦች፣ የጾታ ቅጥያዎቹና ኢመደበኛ መልኮቹ ያልተቋረጠ ርክክብን ይመሰክራሉ። ኪኑቢ እንደሚያሳየው በወታደር ሰፈር የተወለደ ሴማዊ ክሪዮል እነዚህን ሁሉ ጥሎ በአዲስ ቃላት ይተካል። ስለዚህ አማርኛ ሰዋስው ከባዶ እንዴት እንደሚገነባ ለማሳየት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ይልቁንም ብዙ ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ዙሪያ ሲሰበሰብ አንድ አሮጌ ሰዋስው ሳይፈርስ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል።